ስምንት ሰዓት የተባለው ስብሰባ

በስብሰባ ሰዓት ምክንያት ሰው ሰውን ይቀየማል ወይ ብለው የሚስቁብኝ ዘመዶች አሉኝ። ይቀየማል። እኔ ተቀይሜያለሁ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። የእድራችንን ዳኛ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ሌላው ጥግ እሻገራለሁ። ሰላምታ መስጠት አቅቶኝ አይደለም፤ አፌ ላይ የሚመጣውን ስለማውቅ ነው።

የምኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ዳገቱ ወደ እንጦጦ መውጣት ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ። እድራችን አሮጌ ነው። ታች አስፋልቱ ዳር ካሉት ሱቆች ጀምሮ ላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተበታትነው እስካሉት ቤቶች ድረስ አባል አለው። ነጋዴ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ድሮ ገበሬ የነበሩ አሁን ልጆቻቸው የሚጦሯቸው ሽማግሌዎች አሉ። ግማሹ ማንበብ አይችልም፤ ግማሹ ይችላል ግን አያነብም። የዚህ ሁሉ ሰው ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናም የለውም፤ ምስጋና እንደሌለው ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ስብሰባ መጥራት የጸሐፊ ሥራ ነው። የተጠራን ስብሰባ ሰዓት መለወጥ ግን ከመጥራቱ በጣም ይከብዳል። ስትጠራ ሰው ምንም አያውቅም፤ የነገርከውን ይይዛል። ስትለውጥ ግን አንድ ጊዜ የያዘውን ማስጣል አለብህ፤ ሰው ደግሞ የያዘውን ቶሎ አይጥልም። ለጎረቤቱ አውርቶታል፣ ቀኑን በዚያ አስልቶ ልብስ አጥቧል፣ ልጁን ለእህቱ አደራ ብሏል። ስለዚህ አዲሱን ሰዓት መናገር ብቻ አይበቃም፤ አሮጌውን በስሙ ጠርተህ «ይኼ ቀርቷል» ማለት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ጥሪ በሄደበት መንገድ ሁሉ ሁለተኛውም መሄድ አለበት። ይህን ለዳኛው ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ስናገር ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ ወደ በሩ ያይ ነበር።

ከጸሐፊነት ያወጣኝም እንደዚያው ጥርሱን እየጎረጎረ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ መሃል ተነሳና፣ «እትዬ ደክመዋል። ዘመኑም የቴሌግራም ነው። ለወጣት እንልቀቅ» አለ። ሰው አጨበጨበ። አልደከመኝም ነበር። ደክሞሻል ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። የተመረጠው ጸሐፊ የዳኛው ሚስት የወንድም ልጅ ነው፤ ባንክ የሚሠራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ክፋት የሌለው፣ የእድሩን ሥራም የማይሠራ ሰው። በመጣ በወሩ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ለሞት ብቻ ካልሆነ አትውጣ ብለው አስቀመጡት። ለስብሰባ ቡድኑ አለ ተባለ። ቡድን ማለት ስልክ ውስጥ ያለው ነው።

እኔም ቡድኑ ውስጥ ገባሁ። ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕልና «መልካም ቀን» ይላክበታል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ የሚያለቅስ ፊት ይደረግበታል። እውነቱን ለመናገር አልወደውም ነበር፤ ግን አባል ነኝና አየዋለሁ።

ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና አስፋልቱ ዳር የነበሩት ቤቶች ፈረሱ። ባለቤቶቹ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። ከነሱ አንዷ ከልጅነቴ ጀምሮ ግድግዳ የተጋራኋት ጎረቤቴ ነበረች። ቤታችን ከነሱ ጋር አንድ ቤት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ መንገዱ የወሰደው የሷን ወገን ብቻ ስለሆነ እሷ ሲፈርስባት የኔ ወገን ግድግዳ ተጋልጦ ቀረ፤ እስካሁን ቆርቆሮ መትቼበት ነው ያለው። ባሏ ግማሽ ጎኑ አይንቀሳቀስም። አልጋ ላይ ከዋለ ቆይቷል። በወንበር ተሸክመው ሲያወጡት የግቢውን በር ይዞ አልለቅም ብሎ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅናቸው እኔና እሷ ነን።

ከቤታቸው ቢነሱም ከእድሩ አልተነሱም። ዳኛው ግን አጀንዳ አመጣ፤ «ከአካባቢው የለቀቁ አባላት ጉዳይ» የሚል። ትርጉሙ ይሰረዙ ነው። እዚያ ድረስ ድንኳን ማን ይጭናል፣ ወንበር ማን ይመልሳል፣ ሬሳ ሊሸኝ ማን በሁለት ታክሲ ይሄዳል፤ ወሬው ይኼ ነበር። ያንን አጀንዳ የያዘው ጉባኤ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተብሎ ቡድኑ ላይ ተለጠፈ። ሰው ሁሉ እሺ ለማለት አውራ ጣት አደረገበት። እኔም አደረግሁ። ተነሺዎቹ የራሳቸው ሌላ ቡድን ነበራቸው፤ አንዱ መልእክቱን ወስዶ እዚያ አስተላለፈላቸው።

ጎረቤቴ በዚያ ሳምንት ደወለችልኝ።

«ስሚ፣ ከሰረዙን ምን ይውጠኛል?» አለች።

«እዚያ እድር የለም እንዴ?»

«አለ። አዲስ የገባ ሰው ግን ጊዜ ጠብቆ ነው የሚቀበረው፤ ስድስት ወር ሳይሞላው አይነኩትም። የኔ ሰውዬ ደግሞ ስድስት ወር የሚጠብቅ ይመስልሻል?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ማታ ማታ ይጠይቀኛል» አለች፤ «ስሞት እነማን ናቸው የሚያወጡኝ ይለኛል። የሰፈርህ ሰዎች ናቸው እለዋለሁ። ከዚያ ይተኛል። እሁድ ራሴ መጥቼ እናገራለሁ፤ ሲያዩኝ ያፍራሉ።»

«ያፍሩ ይሆናል» አልኳት። እንደማያፍሩ አውቅ ነበር፤ ግን ተነሺዎቹ ብዙ ሆነው ከመጡ እጅ ያወጣሉ፤ እጅ ደግሞ ሐፍረት አይጠይቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ አባላችን ዐረፉ፤ ከላይ ሰፈር የሚኖሩ አዛውንት ነጋዴ። ቤተሰቡ ቀብሩን እሁድ ስምንት ሰዓት አለ። ቀብርና ስብሰባ ተጋጨ። እንዲህ ያለ ነገር በእድር የተለመደ ነው፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ስብሰባው ይቀርና ለሚቀጥለው እሁድ ይባላል። ወደ ኋላ ብትገፋው ያልሰማው ሰው መጥቶ ይጉላላል፤ ይሳደባል፤ ተመልሶ ይመጣል። ወደ ፊት ብታመጣው ግን ያልሰማው ሰው ሲደርስ ነገሩ አልቋል። ስብሰባን፣ ያውም በአንድ ሌሊት፣ ወደ ፊት አያመጡም። ዳኛውና ጸሐፊው ግን ለቅሶ ቤቱ ጥግ ቁጭ ብለው ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሁን አሉ።

አስበውበት ነው ወይስ ስንፍና ነው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የትኛው እንደሚያስጠላኝ እንኳ መምረጥ አቅቶኛል።

ጸሐፊው ምን አደረገ? አዲስ መልእክት አልጻፈም። ከሳምንት በፊት የለጠፈውን ከፈተና «ከቀኑ ስምንት ሰዓት» የሚለውን አጥፍቶ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ጻፈበት። በቃ። ይህ ሲሆን ስልክ አይጮኽም፤ አዲስ ነገር መጣ ብሎ ለማንም አይናገርም። አንድ ጊዜ ያነበበው ሰው ምን ብሎ ተመልሶ ያነበዋል? ከሥሩ ያሉት አውራ ጣቶች እንዳሉ ቀሩ። ወደ ተነሺዎቹ ቡድን የተላለፈው ቅጂ ደግሞ ቅጂ ነው፤ ዋናው ቢቀየር እሱ አይቀየርም። እዚያ ስምንት ሰዓት እንዳለ ነው።

እሁድ ንጋት ላይ ጡሩምባ ነፊው ወጣ። የሟቹን ስም ጠርቶ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው እያለ ሰፈሩን ዞረ። ስለ ስብሰባው የነገረው የለም፤ እሱም ያልተነገረውን አይናገርም። ስለዚህ ሰፈሩ ያለው ሰው ቀብር ስምንት ሰዓት ሲባል «እንግዲያው ስብሰባው ቀርቷል» ብሎ ተኛ። ከሰፈሩ ውጭ ያለው ጡሩምባው ስለማይሰማው በስምንት ሰዓት ሊመጣ ይለባበሳል። ሦስት ሰዓት መሆኑን የሚያውቁት ዳኛው በስልክ የደወለላቸው ብቻ ናቸው።

እኔ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። ለቅሶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥን ሳለ የዳኛው ወዳጆች አንድ በአንድ ሲነሱ አየሁ። ወዴት ነው ብዬ አንዷን ብጠይቃት «ስብሰባ» አለችኝ። ቢላዬን አስቀመጥኩና ተከትያቸው ወጣሁ።

አዳራሹ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከኋላ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ዳኛው አጀንዳውን ማንበብ ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ሰው የት አለ?» አልኩ ከበሩ ላይ ሆኜ።

«ጥሪ ተደርጓል እትዬ። ይቀመጡ።»

«መቼ ነው የተደረገው?»

ጸሐፊው ነው የመለሰልኝ። «ትናንት ማታ። ቡድኑ ላይ አለ።»

«የኔ ስልክ አልጮኸም።»

«ድምፁን ዘግተውት ይሆናል እማዬ።»

«ስልካቸውም እንደሳቸው ጡረታ ወጥቶ ይሆናል» አለ አንዱ ከመሃል። ሳቁ። ለቅሶ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሬሳው ገና አልወጣም። ሳቁ።

«የለቀቁት አባላት የሉም» አልኩ። «ስለነሱ እየተወራ እነሱ የሉም። ምልዓተ ጉባኤም አልሞላም።»

ዳኛው ስልኩን ወደ ላይ አነሳው። «ከግማሽ በላይ አባል አይቶ አውራ ጣት አድርጓል። አይቶ የተስማማ ሰው እንደተገኘ ይቆጠራል። የእርስዎም ጣት አለበት እትዬ፤ ላሳይዎት?»

እጅ አወጡ። እኔ ተቃውሞዬ ይያዝልኝ አልኩ፤ ጸሐፊው ይያዝ አልያዝ አላውቅም፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከአካባቢው የለቀቁ አባላት ተሰረዙ። የሟቹን ነፍስ ይማር ተባለና ተበተንን።

ቀን ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሬሳው ወጣ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በአዳራሹ በር ያልፋል። ሰልፉ ገና ከላይ ሲመጣ ከሴቶቹ ቀድሜ ወረድኩ፤ ማን እንደሚመጣ አውቃለሁና። የተዘጋው በር ፊት ቆመዋል፤ ተነሺዎቹ። ጎረቤቴ ከፊት ናት። አዲስ ነጠላ ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች። መገናኛ ታክሲ አጥተው በእግር ብዙ መምጣታቸው ጫማቸው ላይ ይታያል።

«ምነው ዘጋችሁት? ቀረ እንዴ?» አለችኝ።

«ጠዋት ተሰብስቧል።»

«የቱን ጠዋት?»

«ዛሬ።»

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። «ስምንት ሰዓት አይደለም እንዴ የሚለው? ተሳስቼ ነው?»

«አልተሳሳትሽም።»

«እና ምን ተባለ?» ፊቴን አየችው። «ወጣን?»

«ወጣችሁ።»

ከኋላዋ ካሉት አንዱ ተሳደበ። ሰልፉ ደረሰ፤ ልቅሶው ቀረበ። ነጠላዋን አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«መጥቻለሁ አይደል፤ ልቅበር እንግዲህ» አለች። ሴቶቹ መሃል ገብታ ሄደች።

የዚያን ቀን ሙሉ መንገድ ከአጠገቧ ሄድኩ። ዳኛው ከፊታችን ጥላውን ዘርግቶ ይሄዳል። በጠዋት ያስወጣት ሴት በቀትር የእድሩን ሬሳ ትሸኛለች፤ እሱ ዞሮም አላየ። ከዚያ በላይ ቆሻሻ ነገር አላየሁም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ታደለ። እድሩን ከመሠረቱት ውስጥ በሕይወት የቀሩት አንድ አባባ ብቻ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ክርክር ነውር ስለሆነ ውጭ አጥሩ ሥር ጠራኋቸው። ጎረቤቴንም ጠራኋት። ዳኛውና ጸሐፊው ነገር ሸቷቸው ራሳቸው መጡ።

«አባባ፣ የስብሰባው ጥሪ ይኼ ነው» አልኩና የጎረቤቴን ስልክ አነበብኩላቸው። ስምንት ሰዓት። ከዚያ የጸሐፊውን ስልክ ስጠኝ አልኩት፤ ሰጠኝ። ያንኑ መልእክት አነበብኩ፤ ቃል በቃል አንድ ነው፤ ሰዓቱ ሦስት ነው።

«አንድ ጥሪ እንዴት ሁለት ሰዓት ይናገራል?» አሉ አባባ።

«ሰው እሺ ካለበት በኋላ ስለተቀየረ ነው። እዚች ጋ ተስተካክሏል የምትል የእንግሊዝኛ ቃል አለች፤ የጉንዳን ዓይን የምታክል። አውራ ጣቶቹ የስምንት ሰዓቱ ናቸው።»

አባባ ጥቂት አሰቡ። «ሰው የፈረመበትን ውል ወስዶ ከፊርማው በላይ ያለውን መለወጥ ማለት ነዋ።»

«እንደሱ ነው።»

ወደ ዳኛው ዞሩ። «አንተ፣ ይኼን ታውቃለህ?»

ያኔ ነው የተናገረው። «እኔ ስለ ስልክ ምን አውቃለሁ አባባ፤ ልጁ ነው ያደረገው» አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። ቅዳሜ ማታ ተቀምጠው የወሰኑት ሁለቱ ናቸው፤ ጠዋት ስልኩን እንደ ሰንደቅ ወደ ላይ ያነሳው እሱ ነው። ለጸሐፊው አዘንኩለት ማለት አልችልም፤ ግን በእርሱ ፈንታ ሐፍረት ተሰማኝ።

«የጠዋቱ ስብሰባ ስብሰባ አይደለም» አሉ አባባ። «ከቀብሩ ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንደገና ይጠራ። ጥሪውንም እሷ ትጥራ» ብለው እኔን አሳዩ።

«እሳቸው እኮ ኃላፊነት የላቸውም» አለ ዳኛው።

«አሁን አላቸው» አሉ አባባ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። እኔ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብዬ በሁሉም መንገድ ጠራሁ። ሐሙስ ዕለት ግን ከወረዳው ሰው መጣና እሁድ ጠዋት ሩጫ ስላለ መንገዱ ከመገናኛ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ይዘጋል አለ። ተነሺዎቹ በምን ይመጣሉ? አሁን ሰዓት መለወጥ በኔ ላይ ወደቀ። የዳኛው ወዳጆች እንዴት ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። «እስኪ እናያለን» ብላ አንዷ ሱቅ በር ላይ ሳቀችብኝ።

መጀመሪያ ምንም ሳልጽፍ ኮሚቴውን ሰበሰብኩና አንድ ሰዓት ቁረጡ አልኳቸው፤ ከተቆረጠ በኋላ በምንም ምክንያት አይነካም፤ ማንም ከራሱ አይናገርም። ስምንት ተኩል ይሁን ያለ ነበር፤ ዘጠኝ ያለ ነበር። ዘጠኝ ሆነ። ወደ ኋላ ነው የገፋሁት፤ ያልሰማ ቢኖር ይጉላላል እንጂ አያመልጠውም።

አሮጌውን መልእክት አልነካሁትም። በአዲስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሰዓት ለውጥ። እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተብሎ የተጠራው ስብሰባ በዚያ ሰዓት አይደረግም። በዚያው ቀን፣ እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይደረጋል። ቀኑና ቦታው አልተለወጠም፤ ቦታው የእድሩ አዳራሽ ነው። የተለወጠው መንገድ ስለሚዘጋ ነው። የበፊቱን ጥሪ ለሌላ ሰው ያስተላለፋችሁ ይህንንም ለዚያው ሰው አስተላልፉ።» ለተነሺዎቹ ቡድን የላከውን ሰው በስልክ አግኝቼ እዚያ ሲለጠፍ ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅሁ። አዳራሹ በር ላይ የነበረውን የሦስት ሰዓት ወረቀት ቀድጄ አዲሱን በቦታው ለጠፍኩ፤ ከአጠገቡ ሌላ መለጠፍ ሰውን ሁለት ወረቀት አስነብቦ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ጡሩምባ ነፊውን ለስብሰባ አስወጣሁት። ደስ አለው፤ «እኔ እኮ የሞት መልአክ ብቻ ሆኜ ቀርቼ ነበር» አለኝ። እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ቆሞ መጀመሪያ «የጠዋቱ ቀርቷል» እንዲል፣ ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት እንዲል አስጠናሁት።

በየሰፈሩ ለአባላት ቤት ለቤት ለሚናገሩት የምድብ ተጠሪዎች ያልኳቸው አንድ ነገር ነው። ሰው «ሰምቻለሁ» ሲላችሁ አትመኑ፤ ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ራሱ ይናገር። ተቆጡብኝ። «ልጅ ናቸው እንዴ እንደ ፊደል የምናስቆጥራቸው?» አለኝ አንዱ። በማግስቱ ግን ደወለ፤ «እትዬ፣ ሰምቻለሁ ካሉኝ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያሉኝ ብዙ ናቸው» አለ። የላዩ ሰፈር ተጠሪ ሽማግሌዎቹን በኦሮምኛ ቤት ለቤት ነገረቻቸው፤ እሷን አልጠራጠርም፤ ከሁሉም የተሻለች ነበረች።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። አሮጌው ሰዓት ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ምንም ያህል ብትናገር የማይሰማ አይጠፋምና። ሩጫው ታች አስፋልቱ ላይ ሙዚቃው ይጮኻል። አንድ ሽማግሌ ከእንጦጦ በኩል በበትራቸው እየተመረኮዙ ወረዱ። ልጃቸው ቤት ሰንብተው መምጣታቸው ነው፤ ተጠሪዋ አላገኘቻቸውም። ተመልሰው ዳገት እንዲወጡ አልፈለግሁም፤ ቤቴ ወስጄ ምሳ አበላኋቸው፤ ቀኑን ሙሉ ስለ በሬዎቻቸው አወሩኝ። ዳኛው ደግሞ ሽማግሌው ከመድረሳቸው በፊት በበሩ አልፎ ነበር፤ በሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ሲቆጣ ሊያይ ይመስለኛል። እኔን ብቻ አገኘ።

«ምነው ብቻዎን?» አለኝ።

«ሰው ሁሉ ስለሰማ» አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። መስኮት ላይ የተቀመጠ ነበር። ተነሺዎቹ በአንድ ሚኒባስ መጡ። ክርክር ሳይበዛ እጅ ወጣ፤ ከአካባቢው የለቀቁ አባላት እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ ሲሞቱም ይሄድላቸዋል ተባለ። ዳኛው ውጤቱን ራሱ አነበበ፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነው። ከዚያ ቆሞ «የኛ እድር ማንንም ጥሎ አያውቅም» አለና ንግግር አደረገ። ተጨበጨበለት። ከሁሉ ይልቅ ይኼ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። አጨበጨቡለት፤ ያኔ እጅ ያወጡት ሰዎች ናቸው፤ አሁንም እጅ ያወጡት ራሳቸው ናቸው።

በየወንበሩ ባይ ጎረቤቴ የለችም። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩትን ብጠይቅ ብንጠራትም አልመጣችም አሉኝ። ባሏ አንድ ነገር ሆኖ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ቤቴ ገብቼ ደወልኩላት።

«ምን ሆነ? ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ ተኝቷል።»

«እና? ጥሪው አልደረሰሽም?»

«ዘጠኝ ሰዓት፣ እሁድ፣ አዳራሹ» አለች። «ተጠሪው አስደግሞኛል። ጡሩምባ ነፊው ሳይቀር ደውሎ ነገረኝ።»

«ታዲያ ምነው?»

«አንድ ቀን አምሬ ለብሼ የተዘጋ በር ፊት አቆማችሁኝ። ዛሬ ደግሞ እጃቸውን ሲያወጡልኝ ቁጭ ብዬ እንዳይ ነው? አውቄ ነው የቀረሁት። ለመሆኑ ምን ተባለ?»

«ትቀጥላላችሁ ተባለ።»

«እሺ። ማታ እነግረዋለሁ። የሰፈርህ ሰዎች ናቸው የሚያወጡህ እለዋለሁ፤ እሱ ይመናችሁ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሲደርስ እናያለን» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ከሳምንት በኋላ ዳኛው ሰው ላከብኝ፤ ወደ ጸሐፊነት ይመለሱ ይልዎታል ተባልኩ። አልመለስም አልኩ። የተላከው ሰው ምን ልበላቸው አለኝ። «ያልኩትን ንገረው» አልኩት፤ «ከመሄድህ በፊት ግን ምን እንዳልኩ ንገረኝ።»

«አልመለስም» አለ።

ሂድ አልኩት።